ደሴ ጌም ቤት ውስጥ የታገደው ካልቾ፦ ቁጥሩ ምን ይላል?

ደሴ ውስጥ የድብድብ ጨዋታውን ቴከን የሚያጫውት ቤት ሁሉ የራሱ ያልተጻፈ ሕግ አለው። አንዱ ቤት ጠረባ የደጋገመ ጆይስቲኩን ይለቃል። ሌላው ቤት እየዘለሉ የሚመቱት ካልቾ በአንድ ዙር ከሁለቴ በላይ አይፈቀድም። ላይፍ ሊያልቅ ሲል የሚወጣው ከባድ ምት፣ ሬጅ አርት፣ ደግሞ የትም ቢሆን ያስጮሃል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ልጅ በዚያው የዝላይ ካልቾ ተከታትሎ ሲወድቅ «ወላሂ ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ሌብነት ነው!» ብሎ ጮኸ። መቺው ሳቀበት። «ታዲያ ብሎክ አድርገህ አትመታኝም?» ልጁም «ብሎክማ አደረግኩ! ከዛ ምን ላድርግ?» አለው።

የክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ያቺ የመጨረሻ ጥያቄ ናት። ከብሎክ በኋላ ምን ይደረጋል? መልሱ በስሜት አይገኝም። በቁጥር ተቀምጧል። ቁጥሩን ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። በየቤቱ የሚታገዱት ምቶች በአብዛኛው ብሎክ ሲደረጉ መቺውን የሚያስቀጡት ናቸው። ማንም ቅሬታ የማያሰማባቸው ምቶች ደግሞ ብሎክ ተደርገውም ቢሆን ለመቺው የሚያተርፉት ናቸው። ከተማችን በአመዛኙ የሚያግደው የተሳሳተውን ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ቴከን 7 ነው፤ ብዙው ቤት ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚያጫውተው እሱን ስለሆነ።

ከመሠረቱ እንጀምር። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል። አንዷ ምስል አንድ ፍሬም ናት። ስለዚህ ፍሬም የጊዜ መለኪያ ነው፤ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ። ማንኛውም ምት ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ መነሻው አለ፤ ቁልፉ ከተነካ አንስቶ ቡጢው ወይም እግሩ ተጋጣሚው ላይ እስኪያርፍ ያለው ጊዜ ነው። ቀጥሎ መምቻው ይመጣል፤ እጁ ወይም እግሩ በእርግጥ መምታት የሚችልባቸው ጥቂት ፍሬሞች ናቸው። መጨረሻ ላይ መመለሻው አለ። እጁ ተሰብስቦ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ተጫዋቹ እንደገና ማዘዝ እስኪችል ያለው ጊዜ ነው። መመለሻው ላይ ያለ ሰው ብሎክ ማድረግ አይችልም። ቁልፍ ቢቀጠቅጥም ገጸ ባህሪው አይሰማውም።

ብሎክ ያደረገውም ሰው ወዲያው ነጻ አይሆንም። ምቱ ክንዱ ላይ ካረፈ በኋላ ለተወሰኑ ፍሬሞች ደንዝዞ ይቆያል። ስለዚህ ምቱ ብሎክ በተደረገባት ቅጽበት ሁለቱም ታስረዋል። አንዱ በመመለሻ፣ አንዱ በድንዛዜ። ዋናው ነገር ማን ቀድሞ ይፈታል የሚለው ነው። የሁለቱ ልዩነት ነው የምቶች ቁጥር በሚዘረዘርበት የፍሬም ሰንጠረዥ ላይ ብሎክ በሚለው ዓምድ ስር የሚጻፈው። መቺው ዘግይቶ ከተፈታ ቁጥሩ ማይነስ ነው። ቀድሞ ከተፈታ ፕላስ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደዚያ ወደተረገመው ካልቾ። በቴከን ሰንጠረዥ `u/f+4` ተብሎ ይጻፋል፤ ወደ ላይና ወደ ፊት ገፍቶ የቀኝ እግር ቁልፍ መንካት ማለት ነው። በርካታ ገጸ ባህሪያት አላቸው። መነሻው 15 ፍሬም ነው፤ ሩብ ሰከንድ። ካገኘ ተጋጣሚውን ወደ አየር ያነሳዋል። ከዚያ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አየር ላይ እያለ ይቀጠቀጣል፣ ላይፉም ሲሶ ገደማ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ገና ሲነሳ እግሩ መሬት ስለሚለቅ ጠረባ በስሩ ሊያልፍ ይችላል። ልጆቹ ቢጠሉት አይፈረድባቸውም።

ብሎክ ሲደረግ ግን -13 ነው። ይህን በፍሬም እንዘርዝረው። ተከላካዩ ከድንዛዜው የተፈታባትን ቅጽበት ዜሮ እንበላት። መቺው ገና 13 ፍሬም ይቀረዋል። በቴከን ፈጣኑ የቁም ምት የግራ ቡጢ ነው። መነሻው 10 ፍሬም ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገጸ ባህሪ አለው። ተከላካዩ ዜሮ ላይ ቢነካው ቡጢው 10ኛው ፍሬም ላይ ያርፋል። መቺው በዚያች ሰዓት ገና እግሩን እየሰበሰበ ነው። ምንም ማድረግ አይችልም። ይመታል። ይህ ዕድል አይደለም፣ ፍጥነትም አይደለም። ጨዋታው ራሱ የሰጠው ቅጣት ነው።

ተከላካዩ ትንሽ ቢዘገይስ? በ3 ፍሬም ቢዘገይ ቡጢው 13ኛው ላይ ያርፋል፤ አሁንም ያገኛል። በ4 ቢዘገይ 14ኛው ላይ ነው፤ ያኔ መቺው ተፈትቶ ብሎክ ያደርጋል። ስለዚህ በ10 ፍሬም ቡጢ ለመቅጣት ያለው ክፍተት አራት ፍሬም ነው፤ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ያንሳል። ጠባብ ይመስላል። ደግነቱ ጨዋታው ድንዛዜው ሊያልቅ ሲል ትንሽ ቀድመው የነኩትን ቁልፍ ይይዝና ሲፈቱ ያወጣዋል። ስለዚህ እጅ የለመደ ሰው ሊያጣው አይገባም።

ከ10 ፍሬሙ ቡጢ የሚከብድ ቅጣትም አለ። ገጸ ባህሪያችሁ 12 ወይም 13 ፍሬም ላይ የሚነሳ የተሻለ ምት ካለው እሱም ይገባል። የማይገባው 15 ፍሬም የሚፈልገው ወደ አየር የሚያነሳ ምት ነው። የ-13 ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። በቴከን ሁለት ድንበሮች አሉ። -10 ላይ ቅጣት ይጀምራል። -15 ላይ ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ይሆናል፤ ብዙ ገጸ ባህሪያት አየር የሚያነሱበት 15 ፍሬም ምት ስላላቸው። የዝላይ ካልቾው በሁለቱ መካከል ነው የተቀመጠው። ካገኘ ሲሶ ላይፍ ይወስዳል። ካላገኘ የሚከፍለው ሁለት ሦስት ቡጢ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ሌብነት ሲል ግማሽ እውነት አለው፤ ዋጋው በጣም ርካሽ ነው። ግን ነጻ አይደለም። የደሴ ችግር ያቺን ርካሽ ዋጋ እንኳ የሚያስከፍል ሰው መጥፋቱ ነው። በየዙሩ ብሎክ በተደረገ ቁጥር ሁለት ቡጢ ቢቀምስ መቺው ራሱ ይቀንሰው ነበር፤ ሕግ ባላስፈለገ።

እዚህ ላይ «ሞክሬዋለሁ፣ አይሠራም» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ቁጥሩ ግን አልዋሸም። ሁለት ነገር ያበላሸዋል።

አንዱ ርቀት ነው። ሰንጠረዡ ጊዜን ይነግራል እንጂ ስንዝርን አይነግርም። ካልቾው ከጫፍ ላይ ቢያርፍ፣ ብሎኩም ትንሽ ገፋ ሲያደርግ፣ በመካከል ክፍተት ይፈጠራል። አጭር ቡጢ ያኔ አየር ይመታል። ጊዜው ነበረ፣ ክንዱ አልደረሰም። እንዴት ይታወቃል? ቅጣቱ ሲከሽፍ ስክሪኑን እዩ። መቺው ቡጢያችሁን ብሎክ ካደረገው ዘግይታችኋል። ጭራሽ ካልነካው አጥሯችኋል። የመጀመሪያው የእጅ ችግር ነው። ሁለተኛው ረዘም ያለ ምት መምረጥን ይጠይቃል፤ 12 ወይም 13 ፍሬም ሆኖ ከቡጢው የሚረዝም።

ሌላው ቴሌቪዥኑ ነው። ይህንን ማንም አያወራውም። አብዛኞቹ ጌም ቤቶች የሚጠቀሙት ተራ የሳሎን ቴሌቪዥን ነው። እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲያቀናብር ጊዜ ይወስዳል፤ 50 ወይም 100 ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። በፍሬም ሲቆጠር ከ3 እስከ 6 መሆኑ ነው። ክፍተታችሁ አራት ፍሬም እንደነበር አስታውሱ። ብሎኩን በዓይን አይቶ፣ ድንዛዜው ሲያልቅ አይቶ፣ ከዚያ ልንካ ለሚል ሰው ክፍተቱ ሳይደርስበት ይዘጋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ቴሌቪዥኑ የጌም ሞድ ካለው ባለቤቱን ለምኖ ማብራት፤ ምስሉን ትንሽ ያበላሻል እንጂ መዘግየቱን ይቀንሳል። ከሌለው ደግሞ ዓይንን ከማመን ይልቅ እንደ ሙዚቃ ጊዜውን መቁጠር። ካልቾው ሲዘል ካያችሁ ብሎክ ይዛችሁ ቡጢውን በቆጠራችሁት ጊዜ ልክ ትነካላችሁ፤ ማረፉን እስክታዩ አትጠብቁም። በነገራችን ላይ፣ ቁልፉ የደከመ ጆይስቲክም የዚሁ ዘመድ ነው። ግራ ቡጢው ጠንከር ብሎ ካልተጫኑት የማይሠራ ጆይስቲክ ይዛችሁ ስለ ፍሬም አትከራከሩ።

ወደ ጠረባው እንለፍ። የገጸ ባህሪውን የካዙያን ጠረባ የማይጠላ የለም። ወገቡን ሰበር አድርጎ ወደ ፊት ይንሸራተትና እግር ይጠርጋል። ብሎክ ሲደረግ -23 ነው። ይህ ከ-15 ድንበር በጣም ያለፈ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ከባድ ቅጣት ከሚያስከትሉት አንዱ። ታዲያ ለምን ያሸንፋል? ምክንያቱም ብሎክ የሚደረገው ቁጭ ተብሎ ነው፤ የሚነሳውም በ16 ፍሬም ገደማ ነው። አንድ ሰው አይቶ፣ ጠረባ መሆኑን ለይቶ፣ ቁልቁል ለመጫን ያለው ጊዜ ከሰከንድ ሲሶ ያንሳል። ከዚያው እንቅስቃሴ ደግሞ ሌላ፣ ቁጭ ያለን ሰው ወደ አየር የሚያነሳ ምት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ግምት ነው። -23 የሚነግራችሁ ግምታችሁ ሲሰምር ምን እንደምትቀበሉ ነው። ግምቱ እንዲሰምር አይረዳም።

ቁጭ ብሎ ብሎክ ማድረግ ሌላም ወጥመድ አለው። ቁጭ ያለ ሰው የቁሙን ቡጢ ሊጠቀም አይችልም። ከቁጭታ እየተነሱ የሚመቱት ምቶች ለብቻቸው ናቸው። ለብዙ ገጸ ባህሪያት ከዚህ ውስጥ ፈጣኑ 11 ፍሬም የሆነ ካልቾ ነው። ለ-23 ግን እሱን መጠቀም ብክነት ነው። እየተነሳ ወደ አየር የሚያነሳው ቀርፋፋ ምት በዚህ ክፍተት በደንብ ይገባል። ጌም ቤት ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። ጠረባውን ብሎክ ያደረገ ልጅ ራሱ ይደነግጣል። ቡጢ ቀጥቅጦ ትንሽ ነገር ያገኝና ይቀራል። መቺውም «ኪሳራው ይሄ ብቻ ከሆነ» ብሎ ይደግማል። ጠረባ የሚያግድ ቤት ካለ፣ እገዳውን ያመጣው ጠረባው ሳይሆን ይህ ርካሽ ቅጣት ነው። የገጸ ባህሪያችሁን እየተነሳ የሚያነሳ ምት እወቁት። አንዱን ማወቅ ይበቃል።

አሁን ማንም ወደማያግደው። የግራ ቡጢ፣ ያው 10 ፍሬሙ፣ ብሎክ ሲደረግ +1 ነው። ሲያገኝ ደግሞ +8። ጉዳቱ ኢምንት ነው፣ ስለዚህ ማንም አይጮኽበትም። ግን ሒሳቡን እዩት። መቺው ቡጢ ሰነዘረ፤ ተከላካዩ ብሎክ አደረገ። ሁለቱም ወዲያው ደግመው ቡጢ ቢነኩ የመቺው በ10 ፍሬም ይደርሳል። የተከላካዩ በ11። አንድ ፍሬም ቀድሞ የደረሰው ሌላውን ያቋርጠዋል። ካገኘ በኋላ ደግሞ ይብሳል። በ+8 ላይ ተመቺው በ10 ፍሬም ቡጢ ቢመልስ የሚደርሰው 18ኛው ላይ ነው። ስለዚህ መቺው 17 ፍሬም የሚፈልግ ከባድ ምት ቢመርጥ እንኳ ይቀድማል። ልጆቻችን «ምንም አላስነካኝም» የሚሉት እዚህ ነው። የተመቱት በከባዱ ምት ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን የተሸነፉት ከሱ በፊት ባለችው ትንሽ ቡጢ ነው፤ ተራቸው ሳይሆን ቁልፍ በመንካታቸው።

ተራ የሚለው ነገር በደንብ መያዝ አለበት። ምክንያቱም ከ-1 እስከ -9 ያለው ሰፈር ብዙ ሰው ያሳስታል። እነዚህ ምቶች አይቀጡም። 10 ፍሬም የሚያህል ክፍተት ስለማይሰጡ ምንም አይገባባቸውም። ግን አለመቀጣት ማለት ጥቃቱን መቀጠል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቁጭ ብሎ የሚሰነዘረው ትንሽ ቡጢ ብሎክ ሲደረግ -5 ነው። መቺው ከዚያ በኋላ የቁሙን ቡጢ ልድገም ቢል በተከላካዩ ሰዓት 15ኛው ፍሬም ላይ ነው የሚደርሰው፤ 5 ተጨምሮበት። ተከላካዩ 14 ፍሬም የሚፈልግ መካከለኛ ምት ቢመርጥ በአንድ ፍሬም ይቀድመዋል። ስለዚህ -5 ሲሆን ትክክለኛው ነገር ብሎክ መያዝ ነው። ተራው የሌላው ነው። ጌም ቤት ውስጥ የሚታየው ግን ሁለቱም ሳያቋርጡ መቀጥቀጥ ነው። ያኔ የሚያሸንፈው ደፋሩ ሳይሆን በአጋጣሚ ቁጥሩ የተስማማለት ነው።

ለተጠራጠረ ሰው የካዙያ ሁለት ቡጢዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በዓይን ሲታዩ መንትያ ናቸው። በመንሸራተት ይመጣና ከስር ወደ ላይ አገጭ ይላል። አንዱ ተራው ነው፤ ብሎክ ሲደረግ -10። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚባለው ነው። ያው ትዕዛዝ ሆኖ፣ ቡጢው የሚነካው አቅጣጫው ወደ ታችና ወደ ፊት በተገፋባት በዚያችው ፍሬም ላይ ከሆነ ይወጣል። አንድ ፍሬም ካለፈ ተራው ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ብሎክ ሲደረግ +5 ነው። በሰከንድ አንድ ስልሳኛ የእጅ ልዩነት ከብሎክ በኋላ ያለው ውጤት በ15 ፍሬም ይገለበጣል። አንዱን ብሎክ ያደረገ በቡጢ ይቀጣል። ሌላኛውን ብሎክ አድርጎ ቡጢ የነካ ደግሞ ራሱ ይቀጣል። በ+5 ላይ የካዙያ 14 ፍሬም መካከለኛ ምት ከተከላካዩ ቡጢ ይቀድማላ። መለያው መብረቁና ድምፁ ነው። ብልጭታ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ካላያችሁ ቡጢ። ሁለቱም ግን ላይኛ ምቶች ስለሆኑ ቀድሞ የገመተ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያሳልፋቸው ይችላል። ፕላስ ቁጥር ማለት ምቱ ፈጽሞ አይስትም ማለት አይደለም።

ችግሩ ቴከን 7 ይህን ሁሉ ቁጥር በነጻ አለማሳየቱ ነው። የፍሬም ማሳያው ለብቻው በክፍያ የሚወርድ ተጨማሪ ነው። በካርድ ኦንላይን መክፈል ለማይችል ጌም ቤት የለም ማለት ነው። ቁጥሩን ግን ያለ ማሳያ በራስ መለካት ይቻላል። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ፕራክቲስ ውስጥ ግቡ። የኮምፒውተሩን ገጸ ባህሪ ድርጊት መቅዳት የሚቻልበት ቦታ አለ። እዚያ የጠረጠራችሁትን ምት መቱ፤ ሳታቋርጡም ወደ ኋላ ይዛችሁ ቆዩ። ወደ ኋላ መያዙ የግድ ነው። ቅጂው ሲጫወት ገጸ ባህሪው ልክ እንደተፈታ ብሎክ እንዲያደርግ ነው።

ከዚያ ቅጂውን አጫውቱ፤ ብሎክ አድርጉና 10 ፍሬሙን ቡጢ ወዲያው ንኩ። ቡጢው ካገኘው ምቱ -10 ወይም ከዚያ የባሰ ነው። ብሎክ ካደረገው አይቀጣም። እርግጠኛ ለመሆን ደጋግሙት፤ አንድ ጊዜ ብሎክ ተደረገ ማለት እናንተ ዘግይታችሁም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ካገኘ ግን ነገሩ አልቋል፤ ይቻላል ማለት ነው። ቀጥሎ 15 ፍሬም የሆነውን አየር የሚያነሳ ምታችሁን ሞክሩ። የዝላይ ካልቾው ላይ ቡጢው ያገኛል፤ ይሄኛው ግን ብሎክ ይደረጋል። ስለዚህ ምቱ በ-10 እና በ-14 መካከል ነው። 12 እና 13 ፍሬም ምቶች ካሏችሁ እነሱን ተራ በተራ ስትሞክሩ ቁጥሩ እየጠበበ ይመጣል። ትክክለኛውን ቁጥር ባታገኙ እንኳ የምትፈልጉት መልስ ደርሷችኋል፤ የትኛው ምታችሁ እንደሚገባ።

ፕላስ ቁጥርም በዚሁ ይለካል። ቡጢ መትቶ ወዲያው ቡጢ የሚደግም ቅጂ ያዙ፤ ሁለቱ ለየብቻ እንጂ በአንድ ሰንሰለት የሚወጡ አይሁኑ። የመጀመሪያውን ብሎክ አድርጋችሁ እናንተም ቡጢ ንኩ። ምንም ብትፈጥኑ ቡጢው ሁልጊዜ እናንተ ላይ የሚያርፍ ከሆነ የእጃችሁ ጥፋት አይደለም። ያች +1 ናት።

አሁን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ የመጣው ግራ መጋባት ሌላ ነው። ልጆቹ ማታ ስልክ ላይ የቴከን 8 ቪዲዮ ያያሉ። ቴከን 8 በጃንዋሪ 2024 ነው የወጣው። የፍሬም ቁጥሩን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳያል። ለፕሌይስቴሽን 4 ግን አልወጣም። ስለዚህ ማታ የቴከን 8ን ቁጥር ያጠና ልጅ ጠዋት ቴከን 7 ላይ ይቀመጣል። ብዙ ምቶች ተቀራራቢ ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። ሬጅ አርትን እንውሰድ። በቴከን 7 ለአብዛኞቹ ገጸ ባህሪያት ብሎክ ሲደረግ -22 ነው። በቴከን 8 ግን -15። በሁለቱም አየር የሚያነሳ ቅጣት አለ። ልዩነቱ የምርጫው ስፋት ነው። -15 ላይ ልክ 15 ፍሬም የሆነውን ምት ሳታዛንፉ ማውጣት አለባችሁ። -22 ላይ ደግሞ ቀርፋፋውንና የሚከብደውን መርጣችሁ ጊዜ ይተርፋችኋል። የቴከን 8ን ቁጥር ይዞ ቴከን 7 የሚጫወት ልጅ ማግኘት የሚገባውን አያገኝም። እንግዲህ ሬጅ አርት ማገድ ለኔ የማይገባኝ ለዚህ ነው። ላይፉ ሊያልቅ የደረሰ ሰው ሁሉን ነገር አሲዞ የሚመታው ምት ነው። ብሎክ ያደረገው ተከላካይ ያን ጊዜ ጨዋታውን መጨረስ ይችላል። ከእገዳ ይልቅ ስጦታ ነው የሚመስለኝ።

ጨዋታ ሲቀየር ድንበሩም ይቀየራል። ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ፈጣኑ ምት 4 ፍሬም ነው። ስለዚህ እዚያ -4 የሚቀጣ ነው። -3 ግን ይድናል። ቴከን ላይ ማንም የማይፈራው -6 እዚያ ያስመታል። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ በ26 ፍሬም የሚመጣው ድራይቭ ኢምፓክት ብሎክ ሲደረግ -3 ብቻ ነው። ብሎክ አድርገው ቡጢ የሚነኩ ሁሉ ለምን እንደማይገባላቸው ከዚህ ይረዱታል። ሞርታል ኮምባት 11 የሚያጫውቱ ቤቶች ደግሞ ዕድለኞች ናቸው። የምት ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ምቱን ቢመርጡ መነሻውና ብሎክ ሲደረግ ያለው ቁጥር እዚያው ተጽፏል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይም ይሠራል። ይህን ሳያውቁ ዓመታት የተጫወቱ ልጆች አውቃለሁ።

ቁጥሩ ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። ኤዲ ጎርዶ የሚባለው ገጸ ባህሪ። እጁ ላይ ቆሞ፣ ተኝቶ፣ ተሽከርክሮ የሚመታን ሰው በአንድ ምት ቁጥር መያዝ አይቻልም። ሰንጠረዡ የመጨረሻዋን ምት ያሳያል። ኤዲ ግን በመጨረሻዋ ላይ ሳይቆም ወደ ሌላ አቋም ይገባል፤ ከዚያ ቀጣዩ ላይኛ ይሁን ታችኛ አይታወቅም። እዚህ የሚያስፈልገው የትኛው ሰንሰለት መሃል ክፍተት እንዳለ ማወቅ ነው፤ ቁጭ ተብሎ የሚታለፍ ላይኛ ምት የት እንዳለ። እሱም በቅጂ ይለካል። ሰንሰለቱን ቅዱ፤ የመጀመሪያውን ብሎክ አድርጉ፤ ቀጥሎ አንዴ ቁጭ በሉ፣ አንዴ ቡጢ ንኩ። የትኛው እንደሚሠራ ራሱ ይነግራችኋል። ኤዲ ላይ ያለውን እገዳ ግን ለጊዜው አልከራከርበትም።

በሰንጠረዥ ለሚመራ ሰው አንድ የመጨረሻ ነገር። ቁጥሮቹ ከማሻሻያ ጋር ይቀየራሉ። ቴከን 7 በ2017 ለፕሌይስቴሽን ከወጣ በኋላ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በየጊዜውም የአንዳንድ ምቶች ቁጥር ተነክቷል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ስሪት ነው። ከሲዲ ተጭኖ ከኔት ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ መሣሪያ ግን ያኔ እንደወጣው ነው ያለው። ሰንጠረዡ አንድ ነገር ሲል ፕራክቲስ ሌላ ካሳያችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ። የጨዋታው ምስል ላይ ቆማችሁ ጆይስቲኩ ላይ OPTIONS ንኩ፤ መረጃ የሚለውን ስትከፍቱ የስሪቱ ቁጥር ይወጣል። ከሰንጠረዡ ስሪት ጋር ካልተስማማ የሚታመነው የቀዳችሁት ቅጂ ነው።